አማካሪዬን በአባታቸው ስም

ለመመረቂያ ጽሑፌ የቀረው የአማካሪዬ ፊርማ ብቻ ነበር። እስከ ዓርብ ካላስገባሁ ዘንድሮ መመረቅ የለም፤ አጋሮ የማስተምርበት ትምህርት ቤት የሰጠኝ ፈቃድም ያልቃል። ረቡዕ ጠዋት ጅማ፣ ቢሯቸው ገባሁ። አማካሪዬ የቡ በምትባል ትንሽ ከተማ የቡና ገበሬ ቤት ያደጉ፣ ስለ ቡና በሽታ ብዙ የጻፉ ሴት ናቸው። የማጣቀሻ ዝርዝሬን አዩና መነጽራቸውን አወለቁ።

«አባቴ ማንበብ አይችልም ነበር» አሉኝ። «አንተ ግን አራት ጥናት አጻፍከው።»

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። ጥፋቱ የስንፍናዬ ነው። መቶ ምናምን ፒዲኤፍ፣ ማጣቀሻ የሚያደራጅ ፕሮግራም ውስጥ ጎትቼ ጣልኩ። እሱም ከየጽሑፉ የመጀመሪያ ገጽ መለያ ቁጥሩን እያነበበ ርዕሱን፣ ጸሐፊውን፣ ዓመቱን ከኢንተርኔት አምጥቶ ሞላልኝ። እኔ ሻይ እጠጣ ነበር። ፕሮግራሙ የመጨረሻውን ስም የቤተሰብ ስም ነው ብሎ ያስቀድማል፤ ስለዚህ የአባታቸውን ስም ሙሉውን፣ የእሳቸውን በአንድ ፊደል አስቀመጠ። በእኛ ትምህርት ክፍል ደንብ ግን የኢትዮጵያዊ ስም ከራስ ስም ተጀምሮ ሙሉውን ነው የሚጻፈው።

ቤተ መጻሕፍት ሄጄ ተቀመጥኩና ዝርዝሩን በእጄ ማረም ጀመርኩ። የቤተ መጻሕፍቱ ሠራተኛ፣ ጸጉራቸው የሸበተ ሰው፣ አጠገቤ ቆሙ።

«ማል ተኤ? ምን ሆነህ ነው እንዲህ የጠቆርከው?»

ነገርኳቸው። ከልባቸው ሳቁ።

«ጽሑፉ ላይ ብታርመው፣ ዝርዝሩ ሲታደስ መልሶ ያበላሽብሃል። ፕሮግራሙ ውስጥ ነው እንጂ የሚታረመው!»

ወንበር ስበው ተቀመጡ። ፒዲኤፉን በአንድ በኩል፣ የፕሮግራሙን መዝገብ በሌላው ከፍተው አንድ በአንድ አመሳከሩ። ለሁለት ሣጥን የተከፈለውን ስም ወደ አንድ ሣጥን አምጥተው ሙሉውን ጻፉ። የእኔ ዓይን በሃያኛው ላይ ደከመ፤ የእሳቸው ግን አንዲት ነጥብ አላመለጠችውም። እንዲህ ያለ ትዕግሥት በሰው ላይ አይቼ አላውቅም።

አንድ የቆየ ሪፖርት በስካነር የተነሣ ምስል ስለነበር ፕሮግራሙ ከፋይሉ ስም ሌላ ምንም አላገኘበትም።

«ጋሼ፣ ይሄን ብንተወውስ?»

«ወላሂ አይሆንም! ሰዎቹ ለፍተው ጽፈዋል፣ አንተም አንብበህ ተጠቅመህበታል» አሉና ከገጹ ላይ እያዩ በእጃቸው ጻፉት። ሐሙስ ከሰዓት ጨረስን። አፈርኩም፣ ወደድኳቸውም።

ዓርብ ጠዋት አማካሪዬ ዝርዝሩን ቀስ ብለው ገለጡ። መጀመሪያ የአባታቸው ስም የነበረበትን ቦታ አዩ፤ የለም። ወደ ራሳቸው ስም ሄዱ። አራቱም ጥናቶች እዚያ ነበሩ። ጣታቸውን በስማቸው ላይ አሳረፉ።

«በየመጽሔቱ የሚጠራው እሱ ነው» አሉ። «አባቴ ነው፤ ቅር አይለኝም እል ነበር። ይለኛል ለካ።»

ከዚያ ፈረሙልኝ፤ ስማቸውን ሙሉውን ጽፈው።