ማህተሙ የዋጣት ቃል

«አንጀቴ ተላወሰ፣ የሰው... የሰው...» እያለች ታንጎራጉራለች፤ ቀጣዩን ስንኝ ረስታዋለች። አሥራ ስምንት ዓመት ሙሉ የአቅራቢዎችን ፕሮፎርማ በእጇ ወደ ማወዳደሪያ ሰንጠረዥ ስትገለብጥ ስለኖረች የግዥ ክፍል ሰዎች «እትዬ ሰንጠረዥ» ይሏታል። ዘንድሮ የተቀጠረችው ባለሙያ ግን ወረቀቱን ስካን አድርጋ ለኮምፒውተሩ ስትሰጠው፣ ዕቃው፣ ብዛቱና የነጠላ ዋጋው በደቂቃ ጎን ለጎን ይደረደራል። አለቃው «እጅሽ ይባረክ!» ባሏት ቁጥር እትዬ ሰንጠረዥ በቅናት ድብን ትላለች።

ዛሬ በምሳ ሰዓት የባለሙያዋን ሰንጠረዥ ከወረቀቶቹ ጋር ስታስተያይ ጓንት የሚለው ረድፍ ላይ ደረሰች። አንዱ አቅራቢ ስድስት መቶ ጥንድ፣ ጥንዱን በዘጠና አምስት ብር ብሏል። የሌላው ብዛት ሃምሳ፣ ዋጋው ዘጠኝ መቶ ስድሳ ተብሎ ገብቷል። ወረቀቱን ወደ መስኮቱ ብታስጠጋው ከማህተሙ ቀለም ሥር «ደርዘን» የምትል ቃል አየች። ሃምሳ ደርዘን ስድስት መቶ ነው፤ ጥንዱም ሰማንያ ብቻ። ርካሹ ሊወድቅ ነው!

ዝም ብትል ከሰዓት በኋላ የግዥ ኮሚቴው ፊት የምታፍረው ባለሙያዋ ናት። ልቧ በደስታ ዘለለ። ግን የተሳሳተ ሰንጠረዥ እያየች ማለፍ ሞት ሆነባት።

«ነይ እስቲ አንቺ ጎበዝ፤ ማሽንሽ ደርዘን አያውቅም?»

«ውይ እትዬ! ብዛቱ በዋጋው ሲባዛ ድምሩ ልክ ስለመጣ አመንኩት እኮ።»

«መባዛቱንማ ተባዝቷል፤ መለኪያውን ማህተም ውጦታል።»

ባለሙያዋ እያረመች፣ «ከእንግዲህ እርስዎ ሳያዩት አላስገባም» አለች።

«ተይ አታሞካሺኝ፤ አሁንም እቀናብሻለሁ» አለችና፣ ወንበሯን ስባ ተቀምጣ የምሳ ዕቃዋን ከፈተች።