ሊኑክስ የበላው ሮስተር

ከዩኒቨርሲቲ እንደ ወጣሁ የተመደብሁበት ትምህርት ቤት የወረታ ከተማ አልቆ የፎገራ ሜዳ በሚጀምርበት ቦታ ላይ ነበር። የኮምፒውተር ክፍሉን ስረከብ አሥራ ሁለት ማሽኖች ፈረምሁ። ሌላ አገር አገልግለው በእርዳታ የመጡ፣ ስክሪናቸው እንደ ሣጥን የወፈረ፣ ሜሞሪያቸው ሁለት መቶ ሃምሳ ስድስት ሜጋባይት ብቻ የሆነ ነበሩ። ሲነሱ ጩኸታቸው ከእህል ወፍጮ አይተናነስም።

ሁሉም ዊንዶውስ ተጭኖባቸው ነበር። ዊንዶውሱ በራሱ ክፉ አልነበረም፤ ቫይረሱ ግን ጨርሶት ነበር። ተማሪዎቻችን ከተማ ውስጥ ዘፈን የሚያስሞሉበትን ፍላሽ ይዘው ይመጣሉ፣ አንዱ የሰካው ለአሥራ ሁለቱም ይደርሳል። ኢንተርኔት ስለሌለን ጸረ ቫይረሱ ካረጀ ቆይቷል። አዲስ ጸረ ቫይረስ ብጭን ደግሞ ያችኑ ትንሽ ሜሞሪ እሱ ራሱ ይይዛታል። በመጀመሪያው ወሰነ ትምህርት መጨረሻ የሚነሱት አራት ብቻ ነበሩ። ለሌሎቹ ተማሪዎች ጥቁር ሰሌዳ ላይ ኪቦርድ ስዬ፣ ጣታቸውን ዴስክ ላይ እየመቱ እንዲለማመዱ አደረግሁ።

ባሕር ዳር የቀረች የክፍል ጓደኛዬ በዊንዶውስ ፈንታ የሚጫን፣ ለደካማ ማሽን የተዘጋጀ ቀለል ያለ ሊኑክስ የሚባል ሥርዓት በሲዲ ገልብጣ ሰጠችኝ። መጀመሪያ ሳልጭነው ከሲዲው ላይ ብቻ አስነሥቼ ሞከርሁት። አይጤው ሠራ፣ ስክሪኑ ሠራ፣ መጻፊያውና የሰንጠረዥ ፕሮግራሙ ተከፈተ። የተማሪ ፍላሽ ስሰካበት ቫይረሱ እንደ ሌላው ፋይል በስሙ ተቀምጦ ታየኝ፤ ሊኑክስ ላይ ሊነሣ የማይችል ነገር ሆነ። ብቻዬን ክፍሉ ውስጥ ሳቅሁ።

ርዕሰ መምህሩን ለማስፈቀድ አንድ ሳምንት ፈጀብኝ። በራቸው ድረስ እሄድና ሰው ካለ እመለሳለሁ፣ ሰው ከሌለም እመለሳለሁ። በመጨረሻ የገባሁ ዕለት የፊዚክስ መምህሩ እዚያው ተቀምጦ ነበር።

«ሊኑክስ?» አለ ሳልጨርስ። «አዲስ የሩዝ ዘር መስሎኝ። በስንት ወር ይደርሳል?»

ርዕሰ መምህሩ አልሳቁም። «መጽሐፉ ምን ይላል?» አሉኝ።

«ዊንዶውስ ነው የሚለው።»

«ታዲያ?»

«ዊንዶውሱ አይነሳላቸውም፣ ጋሼ። ልጆቹ የሚማሩት ሰሌዳ ላይ ነው።»

«እሺ ሞክሪው። ግን አንድ ነገር ቢጠፋ በአንቺ ነው።»

ሊጠፋ የሚችለው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ እሱም በመስኮቱ ሥር ባለው ማሽን ውስጥ ነበር።

በማሽኑ የሚሠሩበት የመዝገብ ቤት ሠራተኛዋ ናቸው። ሁላችንም እትዬ ነበር የምንላቸው። ከዓመታት በፊት የርብ ወንዝ ሞልቶ ሜዳውን ሲያለብስ ውኃው መዝገብ ቤቱ ገብቶ፣ የድሮዎቹ ተማሪዎች ውጤት የተጻፈባቸው ሮስተሮች ረጠቡ። እትዬ ወረቀቱን ፀሐይ ላይ እያሰጡ፣ የተጣበቀውን በምላጭ እያላቀቁ፣ ሁለት ክረምት ሙሉ ስም በስም ኮምፒውተር ውስጥ አስገቡት። የመዝገብ ቤቱ ኮምፒውተር በመብራት መዋዠቅ ተቃጥሎ ስለነበር የሠሩት በእኛ ክፍል ማሽን ላይ ነው። ሲጨርሱ የሻገተው ወረቀት በኮሚቴ ተቃጠለ። ከዚያ ወዲህ ከዚህ ትምህርት ቤት የወጣ ሰው ሁሉ አራት ዓመት መማሩን የሚመሰክርለት ያ ፎልደር ብቻ ነበር። እትዬ እስከዚያ ቀን ድረስ በኮንትራት ነበር የሚሠሩት።

ደግነቱ በዚያው ሰሞን ወረዳው ለመዝገብ ቤቱ አዲስ ኮምፒውተር ላከ። ካርቶኑ ግን አልተከፈተም። የበፊተኛው ስለተቃጠለ ርዕሰ መምህሩ ስታቢላይዘር እስኪገዛ መነካት የለበትም ብለው ነበር። ስለዚህ እትዬ ሥራቸውን በፍላሽ ይዘው እንዲጠብቁ፣ እኔም ማሽኑን እንድረከብ ተስማማን።

ሌላ ማሽን ቢሆን ኖሮ ፋይሉን የምገለብጠው እኔ ነበርሁ። የተማሪ ውጤት ግን ከመዝገብ ቤቱ ሰው በቀር ማንም እጁን አይጨምርበትም። ሕጉ እንዲያ ነበር፤ መምህር ውጤት ቀየረ እንዳይባል። እትዬ ሲገለብጡ እንኳ ወንበሬን አዙሬ ተቀመጥሁ።

«ጨረስሁ ልጄ» አሉ። እኔ ገና ፎልደሩ ይከፈታል ብዬ እየጠበቅሁ ነበር።

«ፈጠነልዎት?»

«ምን ያቆየዋል? ቁጥር እኮ ነው፣ ዘፈን መሰለሽ?»

ጠርጥሬያቸው እንዳይመስል ፈርቼ፣ «እትዬ፣ ከፍላሹ ላይ አንድ ጊዜ ይክፈቱልኝ፣ እኔ ልረጋጋ» አልሁ።

ፍላሹን ከፈቱ። በላዩ ላይ «ሮስተር» የሚል ቢጫ ፎልደር አለ። ሁለት ጊዜ ነኩት፤ ተከፈተ። ዓመቶቹ በተራ ተደርድረዋል። አንዱን ዓመት ከፈቱ፣ ስሞቹ ወጡ።

«ይኸው! አሁን ተረጋጋሽ? እናንተ የተማራችሁ ሰዎች እኮ ዓይናችሁንም አታምኑም።»

ተሣሣቅን። ፍላሹን በመሐረብ ጠቅልለው መሳቢያቸው ውስጥ ቆለፉበት። እኔ ሲዲውን አስገባሁና፣ የመጫኛ ፕሮግራሙ ዲስኩን በሙሉ ልጠቀም ወይ ብሎ ሲጠይቀኝ አዎ አልሁት። ዲስኩ ሃያ ጊጋባይት ብቻ ስለነበር ከዊንዶውሱ ጋር ማካፈሉ ትርጉም አልነበረውም።

ሦስት ሳምንት ያህል ክፍሉ ክፍል ሆነ። አሥራ አንድ ማሽን ተነሣ፤ አንደኛው ብቻ ሞቶ ነበር። ለሁለት ለሁለት ተቀምጠው የሩዝ ጭቃ በደረቀበት ጣታቸው ስማቸውን ይጽፋሉ። «ቲቸር፣ ስታርት የታል?» ይሉኛል፣ ከታች በግራ በኩል ያለውን ምልክት አሳያቸዋለሁ፤ በሁለተኛው ቀን ማንም አልጠየቀም። የፊዚክስ መምህሩ በበሩ አንገቱን ብቅ አድርጎ «ዘሩ በቀለ እንዴ?» ብሎኝ ሄደ።

ስታቢላይዘሩ ተገዝቶ ካርቶኑ የተከፈተ ቀን እትዬ ራሳቸው መጥተው ጠሩኝ። ፊታቸው አመድ መስሏል። «ነይማ፣ ይኼ አዲሱ እንቢ አለኝ» አሉ።

ፍላሹ ተሰክቷል። ቢጫው ፎልደር አለ። ሲነኩት ግን የሚያመለክተው ቦታ አልተገኘም የሚል ጽሑፍ ይወጣል። ጠጋ ብዬ አየሁ። በፎልደሩ ጥግ ላይ ጤፍ የምታህል የታጠፈች ቀስት አለች። መጠኑን አየሁ፤ አንድ ኪሎባይት።

አቋራጭ፣ ሾርትከት የሚሉት፣ ነበር። እትዬ ያንን ሁሉ ጊዜ ሥራቸውን የሚከፍቱት ዴስክቶፕ ላይ ባለ አቋራጭ ነበር፤ እውነተኛው ፎልደር ዲ በሚባለው የዲስኩ ክፍል ውስጥ ተቀምጦ። የገለበጡት በሩን እንጂ ቤቱን አልነበረም። በዚያ ቀን ከፍላሹ ላይ ሲከፍቱት የተከፈተውም ማሽኑ ውስጥ ያለው ራሱ ነው። ሌላ ማሽን ላይ ይሞክሩት ብል ኖሮ ያኔውኑ እናውቅ ነበር። አራት ዓመት የተማርሁት ይህንኑ ነበር፣ ግን አሮጊት ሴት ላይ ሁለተኛ ጥያቄ ማንሣት ከበደኝ።

«ምን ሆነ?» አሉ።

ነገርኋቸው። ቀስቷን በጣቴ አሳየኋቸው። ወደ ስክሪኑ ጎንበስ ብለው አይተው፣ «ይቺ?» አሉ። «ይቺ ድሮም ነበረች እኮ።»

በመስኮቱ ሥር ያለውን ማሽን ወዲያው አጠፋሁና ዲስኩን ነቅዬ አዲሱ ማሽን ላይ አገናኘሁት። የጠፋ ፋይል በሚፈልግ ፕሮግራም ሦስት ቀን ፈለግሁ። ሊኑክሱ የተጻፈው በሮስተሩ ላይ ነበር፣ የተማሪዎቹም የሦስት ሳምንት ልምምድ በላዩ ላይ። ስማቸው ጠፍቶ ቁጥር ብቻ የሆኑ ፋይሎች ወጡ። አብዛኞቹ አልከፈት አሉ። የተከፈተው አንዱ ከመሐል ጀምሮ የተበላሸ የአንድ ክፍል ዝርዝር ነበር፤ አሥራ ሰባት ስም፣ ውጤቱ እስከ ባዮሎጂ ድረስ። እትዬ አጠገቤ ቆመው አሥራ ሰባቱን በሹክሹክታ አነበቡ።

በአራተኛው ቀን ኮሚቴው ተሰበሰበ። እትዬ በሩ አጠገብ እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ተቀመጡ።

«አንድ ነገር ብቻ ንገሪኝ» አሉ ርዕሰ መምህሩ። «ያጠፋው ሰው ነው ወይስ ይኼ ሊኑክስ የምትይው? ሰው ከሆነ ለወረዳ መጻፍ አለብኝ።»

የኮንትራት ሠራተኛ ተጽፎባት እንደማትቆይ ሁላችንም እናውቅ ነበር። እትዬን አላየኋቸውም። «ዲስኩን የደመሰስሁት እኔ ነኝ። ሊኑክሱን ስጭን ነው የጠፋው» አልሁ። ከዚህ ውስጥ ውሸት የሚባል ቃል የለም። ስለ ቀስቷ ግን አላነሣሁም።

«እኮ!» አሉ፣ ጠረጴዛውን መታ አድርገው። «ብዬ ነበር። መጽሐፉ የማያውቀው ነገር ገብቶ፣ በላው።»

«ሊኑክስ በላው» አለ የኮሚቴው ጸሐፊ፣ እየጻፈ። ቃለ ጉባኤው ላይም እንደዚያው ሠፈረ። የፊዚክስ መምህሩ ወደ እኔ አየ፤ ምንም ቀልድ አልወጣውም። እትዬ አንገታቸውን ደፍተው ነበር፤ ቀና አላሉም። ደግነት አድርጌ ነው ወይስ እንደ ልማዴ ፈርቼ፣ ዛሬም መለየት አልችልም።

እኔ በጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ተሰጠኝ። ከወረዳ የመጣ ባለሙያ በሁለት ቀን ውስጥ አሥራ አንዱንም ወደ ዊንዶውስ መለሳቸው። ሲጨርስ ሥራው ጥሩ ነበር፤ እኔም ፍላሽ እንዳይሰካ በሩ ላይ ለጠፍሁ። ማንም አላነበበውም። ከፋሲካ በፊት ስድስት ቀሩ፣ ሰኔ ላይ ሁለት። ልጆቹ እንደገና ዴስኩን በጣታቸው መምታት ጀመሩ። በቀጣዩ መስከረም ክፍሉ የመማሪያ ክፍል እጥረት ስለነበረ ለዘጠነኛ ክፍል ተሰጠ፣ ማሽኖቹም ከተሰበሩ ወንበሮች ጋር ተቆለሉ። እኔ ሲቪክስ እንዳስተምር ተደረገ።

የእትዬ ኮንትራት ታድሶ በኋላ ቋሚ ሆኑ። ስንተላለፍ ሰላምታ ይሰጡኝ ነበር፣ ግን ቆመው አያወሩኝም።

ትራንስክሪፕት ፈላጊዎቹ መምጣት የጀመሩት በዚያው ዓመት ነው። የመጀመሪያዋ ከሐሙሲት የመጣች ልጅ ነበረች፤ ጤና ጣቢያ ለሥራ ተወዳድራ አልፋ፣ የአሥረኛ ክፍል ማስረጃ አምጪ ተብላ። መዝገብ ቤት ገብታ ስትወጣ በመስኮት አየኋት። ግቢውን አቋርጣ ቀጥታ ወደ እኔ ክፍል መጣች።

«ቲቸር፣ ይቅርታ» አለች በሩ ላይ ቆማ። «እትዬ ወደ አንቺ ላኩኝ። ውጤቴ ያለው በኮምፒውተር መምህሯ ዘንድ ነው፣ እሷ ታውቃለች አሉኝ።»

ጠመኔውን አስቀመጥሁ። ተማሪዎቹ ፊት እንዳልነግራት ወደ ውጭ ወጣሁና በሩን ከኋላዬ ዘጋሁ። ስሟን ጠየቅኋት። ከአሥራ ሰባቱ ውስጥ አልነበረችም።