የሊፍት ጠጋኙ ሦስት ደቂቃ

ሬዲዮ ጣቢያው ውስጥ በስሟ የሚጠራት የለም። «መቀስ» ነው የሚሏት። ድምፅ በክር በሚቀዳበት ዘመን ክሩን በምላጭ እየቆረጠች በፕላስተር ትቀጥል ስለነበር የወጣላት ስም ነው። ምላጩ ቀርቶ ኮምፒውተር ቢመጣም ስሙ አልለቀቃትም። ሃያ ስምንት ዓመት ሙሉ የሰው ንግግር ስታሳጥር ኖራለች። ቤቷ ስትገባ ግን ወሬ ማሳጠር አይሆንላትም፤ ባሏ «እዚያ የቆረጥሽውን ሁሉ እኔ ላይ ታራግፊዋለሽ» እያለ ይቀልድባታል።

አሠራሯ የራሷ ነው። መጀመሪያ ቃለ መጠይቁን ከዳር እስከ ዳር፣ ምንም ሳትነካ ታዳምጣለች። ሲያልቅ ማዳመጫውን ታወልቅና ሰውየው በቃለ መጠይቁ ሁሉ ሊል የፈለገውን በአንዲት ዓረፍተ ነገር ወረቀት ላይ ታሰፍራለች። ከዚያ ነው መቁረጥ የምትጀምረው። በተራራቀ ቦታ የተባሉ ሁለት ንግግሮችን አንድ ላይ የተባሉ አስመስላ አትሰፋም፤ በመሀላቸው የአቅራቢው ድምፅ ይገባል፣ አድማጭ እንዲያውቅ። ሥራው ሲያልቅ ደግሞ ሙሉውን ቃለ መጠይቅ ላልሰማ ሰው፣ ብዙ ጊዜ ለበሩ ጥበቃ፣ ታሰማውና «ሰውየው ምን አለ?» ብላ ትጠይቀዋለች። የሱ መልስና የወረቀቷ ዓረፍተ ነገር ካልተገናኙ ሥራው ይፈርሳል። ወጣቶቹ ይስቁባታል። ይሳቁ፤ እስከ ትናንት ድረስ ያስለቀሰችው ሰው አልነበረም።

ትናንት ከሰዓት በኋላ ከአንድ ሊፍት ጠጋኝ ጋር የተደረገ የአንድ ሰዓት ቃለ መጠይቅ ደረሳት። ሰውየው በአንድ ሕንፃ የሚጠግነው ሊፍት በሩ ክፍት እንዳለ ተንቀሳቅሶ የሕንፃውን የጽዳት ሠራተኛ ገድሏል። ጋዜጠኛው ቀድቶ፣ ለመቀስ አስረክቦ፣ ወደ ሌላ ከተማ ሄዷል። ለዛሬው የስድስት ሰዓት ተኩል ፕሮግራም ሦስት ደቂቃ ማውጣት አለባት። ገና ሃያኛው ደቂቃ ላይ እያለች አለቃዋ በሩን ከፍቶ ገባ።

«ለፕሮግራሙ የጠዋት ማስታወቂያ ሃያ ሰከንድ ስጪኝ፤ አሁን።»

«ገና አልጨረስኩትም።»

«ሃያ ሰከንድ እኮ ነው! ሰው ቆም ብሎ እንዲሰማ የሚያደርግ አንድ ነገር። ሰዓት ሙሉ ይሰማል እንዴ ለሱ?»

ልጅ ለእናቷ ምጥ አስተማረች ማለት ይሄኔ ነው። ቢሆንም ደክሟት ነበር፤ እምቢ አላለችም። ዐሥራ ዘጠነኛው ደቂቃ ላይ ጠጋኙ ድምፁ እየተንቀጠቀጠ «እኔ ነኝ የገደልኳት» ይላል። እሱን ቆርጣ ሰጠችው።

ማስታወቂያው ዛሬ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ተላለፈ፤ ሁለት ሰዓት ላይም ተደገመ። ሦስት ሰዓት ሳይሞላ ስልኳ ጮኸ። የጠጋኙ ሚስት ነበረች።

«እህቴ፣ አንቺ ነሽ አሉኝ የምትቆርጪው። የሟች ወንድሞች በራችን ላይ ቆመዋል። መስኮቱን በድንጋይ አወረዱት። ልጄ ትምህርት ቤት ‹አባትሽ ገዳይ ነው› ብለዋት እያለቀሰች ተመለሰች። እሱ ደግሞ ካልጋው ጫፍ ተቀምጦ ግድግዳ ያያል። ለናንተ ሰዓት ሙሉ ያወራ ሰውዬ፣ ለኛ ለቤቱ አንዲት ቃል አልተነፈሰም። በሞቴ፣ ከቀኑ ፕሮግራም ውስጥ ያንን ንግግር ቆርጠሽ አውጪልኝ! በልጅሽ ይዤሻለሁ!»

«አያለሁ» አለቻትና ስልኩን ዘጋች። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም ይባላል። ወለምታው ግን የሰውየው አፍ አልነበረም፤ የሷ እጅ ነው። ትናንት ማስታወቂያውን ከሰጠች በኋላ ቀሪውን አርባ ደቂቃ ስታዳምጥ ነበር ነገሩ የገባት፤ ያኔ ሮጣ ማስቀረት ስትችል «ነገ ሦስቱ ደቂቃ ያቃናዋል» ብላ ወደ ቤቷ ሄደች። ይሄ ነው አሁን አንጀቷን የሚበላት።

አርባ አንደኛው ደቂቃ ላይ ጠጋኙ እንዲህ ብሏል። የሊፍቱ ፍሬን ማለቁን ሦስት ጊዜ መዝገብ ላይ ጽፏል፤ በሩ ላይም «አይሠራም» የሚል ወረቀት ለጥፏል። በሦስተኛው ቀን የሕንፃው ሥራ አስኪያጅ «ተከራዮቹ አስቸገሩኝ፣ ዕቃው እስኪመጣ ክፈተው» አለው። «ወረቀቱን አንሳ ያለኝ እሱ ነው፤ ይጠየቅበት። ያነሳሁት ግን እኔ ነኝ፣ በዚህ እጄ። እሱ ስለ ፍሬን ምን ያውቃል? የማውቀው እኔ ነኝ። ተገድጄ ነው አልልም፤ እኔም ልጠየቅ።» መቀስ ወረቀቷ ላይ የጻፈችው ይህንኑ ነበር፦ ሁለታችንም እንጠየቅ፤ እኔ ግን በማንም አላሳብብም።

አሁን ሦስት ሰዓት ተኩል ነው። አለቃው መጥቶ ከኋላዋ ቆመ። ማስታወቂያውን የሰሙ ሰዎች ስልክ አጨናንቀዋል፤ ደስ ብሎታል።

«በዚያችው ንግግር ጀምሪ፣ ከዚያ የሰውየውን ልቅሶ፣ ከዚያ ሊፍቱ እንዴት እንደተንቀሳቀሰ። አለቀ።»

እሱ እንዳለው ሠራችና ወደ በሩ ወረደች። ጥበቃው ማዳመጫውን አጥልቆ፣ ዓይኑን ጨፍኖ ሰማ።

«ሰውየው ምን አለ፣ ጋሼ?»

«ምን ይላል፣ ገደልኳት አለ እንጂ! ሰክሮ ነበር እንዴ?»

መቀስ ማዳመጫውን ተቀበለችው። አንዲትም ቃል አልፈጠረችም፤ ሁሉም ከሰውየው አፍ የወጣ ነው። ግን መዝገቡ የለም፣ ወረቀቱ የለም፣ ሥራ አስኪያጁም የለም። ቃላቱ የሱ ሆነው ነገሩ የሱ አይደለም።

ደረጃውን ተመልሳ ወጣች። ሚስትየዋ እንደገና ደወለች፤ አሁን የሚሰማው ልቅሶ ብቻ ነበር። ከበስተጀርባ በር ይደበደባል። መቀስ ስልኩን ዘግታ፣ እያወቀች «እኔ ነኝ የገደልኳት» የሚለውን አወጣች። «ያነሳሁት ግን እኔ ነኝ» የሚለውንም አወጣች። መዝገቡን አስገባች፣ ወረቀቱን አስገባች፣ ሥራ አስኪያጁን አስገባች። ልክ ሦስት ደቂቃ። አምስት ሰዓት ሲሆን ታች ወረደች።

ጥበቃው ሰምቶ ማዳመጫውን በብስጭት አወለቀ። «አይ ምስኪን! እንዲያው አንድ ጥፋት የለበትም እኮ! ያ ሥራ አስኪያጅ ነው መታሰር ያለበት። የቅድሙ ሰውዬ ሌላ ነው?»

ሁለቱም አንድ ሰው ነው፤ ሁለቱንም ቆርጣ የሠራቻቸው እሷ ናት። የመጀመሪያው በክፋት የተቆረጠ ከሆነ ሁለተኛው በርኅራኄ ተቆርጧል፤ ጠጋኙ ግን ሁለቱንም አላለም። ሰውየው ሰዓት ሙሉ ተጨንቆ የተናገረው፣ አላሳብብም ለማለት ነበር። እሷ ደግሞ አሳበበችለት።

ሰዓቷን አየች፤ አንድ ሰዓት ተኩል ቀርቷል። ደረጃውን እየሮጠች ወጣች፣ በሃምሳ ሦስት ዓመቷ። ልቅሶውን ጣለችው። ሊፍቱ እንዴት እንደተንቀሳቀሰ አቅራቢው በአንድ ዓረፍተ ነገር እንዲነግር ጻፈችለት፤ ከዚያ «እኔ ነኝ የገደልኳት» የሚለውን ከነጋዜጠኛው ጥያቄ መለሰችው። ቀጥሎ አቅራቢው «ለምን እንዲህ እንዳለ በኋላ ላይ ሲያብራራ» ይላል፤ ከዚያ የአርባ አንደኛው ደቂቃ ንግግር ሳይነካ፣ ትንፋሹና መንተባተቡ ሳይቀር ይመጣል። ሦስት ደቂቃ ከአራት ሰከንድ።

«ሁለቱም ናቸው» አለ ጥበቃው ሦስተኛውን ሰምቶ። «ሥራ አስኪያጁም፣ እሱም። እሱ ግን አልሸሸም።»

አለቃው ሰምቶ ፊቱን አኮሳተረ። «ልቅሶው የት ሄደ? መጀመሪያውስ? ቀዝቅዟል።»

«ጠዋት ያሞቅኸው ይበቃል። ካልፈለግህ ሦስት ደቂቃ ሙዚቃ ልቀቅ፤ እኔ ሌላ አልቆርጥም» አለችው። ሃያ ስምንት ዓመት ሙሉ እንዲህ ተናግራው አታውቅም። ደግነቱ ለመሟገት ጊዜ አልነበረውም፤ አስተላለፈው።

ስድስት ሰዓት ከአርባ ላይ ሚስትየዋ ደወለች። «አላወጣሽውም!» አለች፤ ድምፅዋ ከመሻከሩ የተነሣ አይታወቅም። «ደግሞስ ማን ሰማው መሰለሽ? ሰፈሩ የጠዋቱን ሰምቶ ጨርሷል። ልጄም የተቆራረጠ ነገር አላምንም ብላለች። ‹ሙሉውን ካልሰማሁ አባቴን ዓይኑን አላየውም› ነው የምትለው።»

መቀስ ሙሉውን ሰዓት ፍላሽ ላይ ገልብጣ፣ አለቃዋን ሳታስፈቅድ ወጣች።

የጠጋኙ ቤት በጠባብ መተላለፊያ ውስጥ ነው። የሟች ወንድሞች ጥላ ስር ተቀምጠዋል፤ የትንሹ ወንድም ዓይን በልቅሶ አብጧል። ማንነቷን ቢጠይቋት ምን እንደምትል ስታስብ ሳይጠይቋት አለፈች። በሩን የከፈተችው ዐሥራ ስድስት ዓመት የሚሆናት ልጅ ናት።

«ማን ልበል?»

«የጠዋቱን የቆረጥኩት እኔ ነኝ፣ ልጄ። ሙሉውን አምጥቼልሻለሁ። እስከ መጨረሻው ስሚው።»

ልጅቷ ፍላሹን ከእጇ ነጥቃ በሩን ዘጋችባት።

መቀስ አልሄደችም። በተሰበረው መስኮት የጠጋኙ ድምፅ ከኮምፒውተር ውስጥ ይሰማል፤ ስለ ሥራው፣ ስለ ልጅነቱ፣ ሟቿ ሁልጊዜ ጠዋት እንዴት ትስቅበት እንደነበር። ደቂቃውን በልቧ ትቆጥራለች። ዐሥራ ሰባት። ዐሥራ ስምንት። ዐሥራ ዘጠኝ። «እኔ ነኝ የገደልኳት» አለ ድምፁ፤ ወዲያው ተዘጋ።

መቀስ በሩን በሁለት እጇ ደበደበችው። «አትዝጊው እናቴ! ገና ነው! አርባ አንድ ላይ ነው ያለው፤ ዝለይና ወደ አርባ አንድ ሂጂ!»

ትንሽ ቆይቶ ከውስጥ ያልጋ ሲጥ ማለት ተሰማ፤ ቀጥሎም ማዳመጫ ውስጥ ከትናንት ጀምሮ የሰማችው የጠጋኙ ድምፅ፣ አሁን ግን ደርቆ።

«ተይው ልጄ። የቀረውን እኔው ልንገርሽ። ፍሬኑ ማለቁን ሦስት ጊዜ ጽፌ ነበር። በኋላ ሥራ አስኪያጁ ክፈተው ሲለኝ የለጠፍኩትን ወረቀት ላጥኩት።»

«ለምን?» አለች ልጅቷ። «እያወቅህ ለምን?»

ጋዜጠኛው ይህን አልጠየቀውም ነበር።

«ፈርቼ» አላት። በስድሳው ደቂቃ ውስጥ ይህች ቃል የለችም።