ለወንድሜ የሞላሁት ቅጽ

ወንድሜ ከመሞቱ በፊት የነበረው ጠዋት እንደማንኛውም ጠዋት ነበር። በሰው አገር፣ አማራት በሚባል ሰፈር ባለ ሆቴል ውስጥ እኔ የቢሮ ሠራተኛ፣ ታላቅ ወንድሜ ሹፌር ነበርን። የሹፌሮችን የሥራ ግምገማ የምሞላው እኔ ነኝ።

የሆቴሉ የጋራዥ ኃላፊ፣ ኬንያዊ ነው፣ ስለ ወንድሜ "በጣም ይፈጥናል፤ ቁልፍ አትስጡት" አለና በሁሉም ረድፍ ከአምስት አንድ ሰጠው፤ በሰዓት አክባሪነት እንኳ።

ሥራ አስኪያጃችን ሳቁ። "ሁለቱ ተጣልተዋል እንዴ? ወንድምህ እኮ አርፍዶ አያውቅም!"

መፍጠኑን ግን እሳቸውም ያውቃሉ።

"'ጎበዝ ነው፤ ረጋ ቢል ደግሞ የበለጠ ያምርበታል' ብለህ ጻፍ፣ የኔ ልጅ። ሰው አይዋረድም።"

ጻፍኩ። 'ጥንቃቄ' በሚለው ረድፍ አራት ሞላሁ።

ወንድሜ አነበበው። "አራት! ያ ኬንያዊ ይየው" አለና ትከሻዬን መታ አድርጎኝ ወጣ። ከሰዓት በኋላ ጀበል በሚባለው መንገድ ላይ በፍጥነት ሲታጠፍ መኪናው ተገለበጠ። አልተረፈም።

በማግስቱ ጠዋት ከለቅሶው ተነስቼ ቢሮ ገባሁ። የአንድ ሌላ ሹፌር ቅጽ አወጣሁ። እሱም ይፈጥናል፤ እሱንም አራት ብለነዋል። በሰዓት አክባሪነት ያገኘውን አምስት አልነካሁም። 'ጥንቃቄ' በሚለው ረድፍ ያለውን አራት ሰርዤ አንድ ጻፍኩ። ከዚያ አስጠራሁትና ፊት ለፊት ተቀምጬ አነበብኩለት።