ልመና የሌለበት ማመልከቻ

የስቴንስል ቀለም ሽታ ነበር። አረካ ትምህርት ቤት የፈተና ወረቀት ሲባዛ ኮሪደሩን የሚሞላው ያ ሽታ እስከ ዛሬ ከጋሼ ባዳቾ አፍንጫ አልወጣም። እንግሊዝኛ ሲያስተምሩም፣ የአገሩን ሰው ማመልከቻ ሲጽፉም የኖሩት በዚያ ሽታ ውስጥ ነው። ጡረታ ከወጡ ወዲህ ሶዶ መናኸሪያ አጠገብ፣ በሳሊህ ፎቶ ኮፒ ቤት አንድ ወንበር ይዘው ይተረጉማሉ። ሳሊህ የስልጤ ልጅ ነው፤ ምላሱ ከማሽኑ ይፈጥናል።

ሜላት ቤይሩት አንዲት አሮጊት ስትጦር ኖራ ለዕረፍት መጥታለች። አሮጊቷ ስለሞቱ ቤተሰቡ ውሏን አያድስም። ካናዳ ያለ የአረጋውያን መንከባከቢያ ማዕከል ሠራተኛ ይፈልጋል፤ ማስታወቂያው ዛሬ ይዘጋል። ይህ ካመለጣት ተመልሳ ደላላ እጅ ነው የምትወድቀው። እንግሊዝኛ ትሰማለች፤ መጻፉ ላይ ነው የሚቸግራት። በአማርኛ ጽፋ የሰጠቻቸውን ሲቪና ደብዳቤ ጋሼ ተርጉመው ጨርሰዋል።

«ጋሼ፣ ይሄ ምንድነው? ‹ድሀ አደግ በመሆኔ፣ ወንድሞቼም በእኔ እጅ ስለሚተዳደሩ፣ በእግርዎ ሥር ወድቄ...›» አለች ሜላት ትርጉሙን እያነበበች።

«የማመልከቻ ወግ ነው።»

«ሲቪው ላይ ደሞ ያላገባች፣ ፕሮቴስታንት፣ መጠጥ የማትቀምስ!»

«ሽማግሌ ሳይላክ በማመልከቻ ሊድሯት ነው እንዴ?» አለ ሳሊህ ከማሽኑ ጀርባ።

«አንተ ቀለምህን ሙላ!»

«እዚያ አገር ፎቶና ዕድሜ እንኳ አይጻፍም፣ ጋሼ። የሚፈልጉት የምችለውን ነው።»

«ታዲያ የምትችይውን የት ጻፍሽ? ‹አሮጊት ተንከባክቤያለሁ› ብለሽ አበቃሽ። ሙያሽን ደብቀሽ እኔ ሳልለምንልሽ ማን ይቀጥርሻል?»

ሜላት አንገቷን ደፋች። «ራሴን ላመስግን? ጉራ አይሆንም?»

«የሠሩትን መናገር ምኑ ጉራ ነው? በይ፣ ንገሪኝ።»

ቀስ በቀስ ነገረቻቸው፤ የአሮጊቷ ጀርባ እንዳይቆስል ሌሊት እየተነሳች ታገላብጣቸው እንደነበር፣ ስኳራቸውን ለክታ መርፌ እንደምትወጋቸው፣ ምግብ አልዋጥ ሲላቸው አድቅቃ በማንኪያ እንደምታጎርሳቸው። ቦምብ ሲወድቅ መብራት ጠፍቶ ሊፍቱ ቆመና አዝላቸው ደረጃውን ወረደች።

«ልጆቻቸውስ?»

«ቆጵሮስ ነበሩ።»

ጋሼ መነጽራቸውን ወልውለው በሳሊህ ኮምፒዩተር እንደ አዲስ ጻፉ። በደብዳቤው ላይ ልመናው ቀርቶ ማዘሏ ገባ፤ ከሲቪው ሃይማኖትና ጋብቻ ወጥተው ሥራዋ በተርታ ተሰደረ። ሜላት ስታነበው ሳቀች፤ ሰው ስለ እሷ እንዲህ ጽፎ አያውቅም። ግርጌው ላይ ስትደርስ ግን ቆመች።

«‹ዕድሜዎ እንዲረዝም ዘወትር የምጸልይ ታዛዥ አገልጋይዎ›።»

«እሱን ተዪልኝ።»

«ጋሼ!»

«ስንቱን ሰው ሥራ አስይዤበታለሁ እኮ!»

«እኔ ግን አገልጋይነቱ በቅቶኛል።»

ጋሼ ባዳቾ ቅር ብሏቸው ኮፍያቸውን አነሱ። እሷ ጎንበስ ብላ ዓረፍተ ነገሩን አጠፋችው፤ በቦታው ስሟን ብቻ ጻፈች። ደብዳቤውንና ሲቪውን ኢሜይሉ ላይ አያይዛ ላከችው።

«ሄደ!» አለ ሳሊህ። «ጋሼ፣ እንኳን ደስ አለን!»

ዞር ሲል ወንበሩ ባዶ ነው። ጋሼ ኮፍያቸውን ደፍተው፣ ደህና ዋሉም ሳይሉ፣ ከባጃጆቹ መሀል ገብተዋል።