የወንድሙ ሰገራ

የሀኒፋን ቁጣ የማያውቅ የጭሮ ሰው ካለ፣ ሆዱን ታሞ የማያውቅ ብቻ ነው። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ በጤና ጣቢያው ላቦራቶሪ ማይክሮስኮፕ ላይ አጎንብሳ የሰው ሰገራ ስትመረምር ኖራለች። ይህ ሥራ ደግሞ የሰውን ጠባይ አያለሰልስም። ባዶ እጁን የመጣውን ታባርራለች። የትናንቱን ያመጣውን ስሙን ጠርታ፣ ወረፋው ሁሉ እየሰማ ታዋርደዋለች። «የእናንተን ጉድ የማየው አምሮኝ ነው?» ትላለች። ሥራዋን ግን ማንም አምቶባት አያውቅም። ሀኒፋ የለም ካለች የለም፣ አለ ካለች አለ ነው።

አንድ ማክሰኞ ረፋድ ላይ ዑሙልኸይር የምትባል የሂርና ሴት የአራት ዓመት ልጇን ሳቢትን አዝላ በሯ ላይ ቆመች። ከኋላዋ የባሏ እናት አሉ። ሀኒፋ ዑሙልኸይርን አወቀቻት፤ ባለፈው ሳምንት ሁለቴ ሰገራ በመስኮት ሰጥታ፣ ሁለቴም «ምንም የለም» ተብላ የሄደች ናት። ልጁን ግን ማየቷ ገና ዛሬ ነው። እጅና እግሩ እንጨት አክለው፣ ሆዱ ብቻ ተነፍቶ ቆዳው ይብለጨለጫል። ድንገት ጉልበቱን ወደ ሆዱ ሰበሰበና አቃሰተ።

«ሲስተር፣ ወስፋት የለበትም ብለሽ የጻፍሽውን ወረቀት እንደገና ስጪን» አሉ አሮጊቷ። «አባቱ አላምንም ብሏል። ሐሙስ ሆዱን የሚበጣለት ሰው ቀጥሬያለሁ።»

«ምን የሚያደርግለት?»

«ምላጭ ያስነካዋል፤ መጥፎው ደም ይወጣለታል። ወስፋት ቢሆንማ ይበላ ነበር። ይሄ ልጅ እህል ሲያይ ፊቱን ያዞራል።»

የሀኒፋ ደም ፈላ።

«እናቴ፣ ወስፋት ያስበላል ያለዎት ማነው? አንጀቱ ውስጥ ተቀምጦ ልጁ የዋጠውን የሚቀማ ትል ነው። እስክሪብቶ ያህል ይረዝማል፣ ከዚያም ይበልጣል። ሲበዛ አንጀትን ያስቆጣዋል፣ የተቆጣ አንጀት ደግሞ ምግብ አያሰኝም። አንጀት ያለውን ወደ ታች ሊገፋ ሲጨማደድ የተጠላለፈው ትል መንገድ ይይዝበታል፤ ያኔ ነው እንዲህ ሆድ የሚቆርጠው። በደንብ ያልተፈጨው ምግብ ደግሞ እዚያው ይብላላና ጋዝ ይሆናል። ሆዱን የሚነፋው ትሉና ጋዙ ነው። ምላጩ ከቆዳው ላይ ምን ሊያገኝ ነው?»

«ታዲያ አንቺው አይደለሽ የለም ያልሽው» አሉ አሮጊቷ።

እውነታቸውን ነው። አንዲት ሴት ወስፋት በቀን ከመቶ ሺህ በላይ እንቁላል ትጥላለች። እንዲህ ያለ ሆድ ሁለቴ ንጹሕ ሊሆን አይችልም። ሀኒፋ ወደ እናትየው ዞረች።

«የማንን ነው ያመጣሽልኝ?»

ዑሙልኸይር መሬት መሬት አየች። «የታላቁን። የአክረምን።»

አክረም አሥር ዓመቱ ነው፤ በቅርቡ ትምህርት ቤት የወስፋት መድኃኒት ውጧል።

«አብደሻል? ልጅሽን ልታስበጪ ነው?»

«ወላሂ ሲስተር፣ ሳቢት የዚያን ጠዋት አልወጣ አለው። ባለፈው ወር ባዶ እጄን መጥቼ በሰው ፊት አባረርሽኝ። ከሂርና ድረስ ተሳፍሬ። ፈራሁሽ። በሁለተኛውም ቀን ፈራሁሽ።»

ሀኒፋ ልትጮህ አፏን ከፈተች። የምትጮህበት ሰው ግን ከራሷ በቀር አልነበረም፣ ያም አናደዳት። ማባረሯን እንኳ አታስታውሰውም። ስንቱን ታስታውሳለች!

ልጁን ውሃ አጠጥታ ግቢው ዛፍ ሥር አስቀመጠችው። ከሰዓት በኋላ ሰገራ ወጣለት። ማይክሮስኮፑ ሥር ዓይኗ ባረፈበት ሁሉ እንቁላል ነው። ታደሰ፣ የጤና መኮንኑ፣ ሆዱን ዳሶ፣ አለማስመለሱን ጠይቆ፣ የወስፋት ክኒን፣ አልቤንዳዞል፣ አዘዘለት፤ ሳቢት እዚያው አኘከው።

«ትሉ ሲወጣ እንዳትደነግጡ፣ መድኃኒቱ አይደለም ያመጣው» አለች ሀኒፋ። «ካስመለሰው ወይ ፈስና ሰገራ እምቢ ካለው ወደ ሆስፒታል ሩጡ። ሐሙስ ያን ሆድ ምላጭ ቢነካው ደግሞ እናቴ፣ ሂርና ድረስ መጥቼ እጣላዎታለሁ።»

ሐሙስ ስልኳ ጮኸ። አሮጊቷ ናቸው። «አሥራ ሰባት ቆጠርኩ» አሉ። «ዛሬ ደግሞ ቂጣ ጠየቀኝ። ሰውዬውን መልሰነዋል።»

ሀኒፋ ስልኩን ዘግታ ደስ ሊላት ሲገባ ንዴቷ ተመለሰ። በአሥራ ዘጠኝ ዓመት ስንት «ምንም የለም» ጽፋለች? ስንቱስ የማን ነበር? ከእነዚያ ስንቱ ሕፃን ሆዱ ላይ የምላጭ ጠባሳ ይዞ ይዞራል? ተነሥታ ወረፋውን ልታይ በሩን ከፈተችው።

ከፊት የቆመችው ወጣት እናት፣ ሕፃን ያቀፈች፣ ሀኒፋን ባየች ጊዜ ባዶውን ብልቃጥ ሻሿ ሥር ደበቀችው።