እናቴ በክር ያልለካችው እጅ

እናቴ ካዛንቺስ በነበራት ጠባብ የውበት ሳሎን የሴቶችን ጥፍር እየሞረደች የሰው ጠባይ ትናገር ነበር። የእጅ መስመር አታነብም፤ «እሱ የጠንቋይ ሥራ ነው» ትላለች። እሷ የምታየው ቅርጹን ነው። ያስተማረቻት አንዲት የድሮ ደንበኛዋ ናት። ሰው ከመሬት፣ ከነፋስ፣ ከእሳትና ከውሃ ተሠራ የሚለውን ቤተ ክርስቲያንም ሰምታው ስለነበር ለመጠራጠር አልደከመችም።

ከመሳቢያዋ የስፌት ክር ታወጣለች። መጀመሪያ ከእጅ አንጓ እስከ መካከለኛው ጣት ሥር ትለካለች፤ የመዳፉ ርዝመት ይህ ነው። ቀጥላ ክሩን ከጣቶቹ ሥር ዝቅ አድርጋ በወርዱ ትዘረጋለች። ሁለቱ ከተቀራረቡ መዳፉ ካሬ ነው፤ ርዝመቱ በግልጽ ከበለጠ ሞላላ። መካከለኛውን ጣት የምትለካው በመዳፉ በኩል ብቻ ነው፤ በጀርባ ሲለካ ጣት ረዝሞ ያታልላል። የመዳፉን ርዝመት ሦስት አራተኛ ካልሞላ አጭር ትለዋለች።

ካሬ መዳፍና አጭር ጣት መሬት ነው፦ ታጋሽ፣ ሠራተኛ፣ ቃሉን የማያጥፍ። ካሬ ሆኖ ጣቱ ከረዘመ ነፋስ፦ ሐሳቡ የማያርፍ ወሬኛ። ያ እንግዲህ እኔ ነኝ። ሞላላ መዳፍና ረጅም ጣት ውሃ ነው፤ ሆደ ባሻ፣ የሰው ሕመም የሚያመው። ሞላላ መዳፍና አጭር ጣት ደግሞ እሳት፤ ቸኩሎ የሚጀምር፣ ቶሎ የሚነድ።

«ክብደት ይጨመራል ይቀነሳል፤ ቅርጽ ግን አጥንት ነው። ከሰውየው ጋር ይቀበራል» ትል ነበር።

ታላቅ ወንድሜ እሳት ነበር። ከካዛንቺስ ሜክሲኮ ሚኒባስ ይነዳል፤ ከተራ አስከባሪ ወይ ከተሳፋሪ ሳይጣላ ቤት የገባበትን ቀን አላስታውስም። እናቴ አንድ ቀን በጠብ ይሞትብኛል ብላ ትሰጋ ነበር። «ምነው ትንሽ መሬት በቀላቀለበት!» እያለች ትጸልይለት ነበር፤ በእጅ ቅርጽ ጸሎት ይሠራ እንደሆነ እንጃ።

አንድ ክረምት ወንድሜ ዝም አለ። ሲሰድቡት አይመልስም። ሥራውን ትቶ በጊዜ ይገባና ሳሎኑ ጥግ ባለው ወንበር ይቀመጣል። ፊቱ ሞላ፤ የጣት ቀለበቱ አልወልቅ አለው። ጎረቤቱ ሁሉ «ልጅሽ አማረበት፣ ተመችቶታል» ይላታል።

«እማ፣ ድክም ይለኛል በቃ» አላት አንድ ቀን።

«ሰክነህ ነው እንጂ! እሳት ሲበርድ እንዲህ ነው።»

እጁን ይዛ ለደንበኞቿ አሳየች። «እዩልኝ፣ መዳፉ ካሬ ሆነ። ጣቱ እንደሆነ ድሮም አጭር ነው። ልጄ መሬት ሆነልኝ!»

የማታውቃትን ሴት እጅ እንኳ ሳትለካ የማትናገር ሰው፣ የዚያን ቀን ክሩን አላወጣችም። አጥንት አይለወጥም ያለችንም እሷው ነበረች። በዚህ ዛሬም እናደዳለሁ፤ እንደዚያ ስትስቅ ግን አይቻት አላውቅም ነበር።

ክረምቱ ሳይወጣ፣ ጥፍሩን ልትቆርጥለት እጁን ጭኗ ላይ አድርጋ በአውራ ጣቷ ጀርባውን ጫን አለችው። ጣቷን ስታነሳ ጉድጓዱ ቀረ፤ የተወጋ ሊጥ ይመስላል። ዝቅ ብላ ሌላ ቦታ ተጫነች። እሱም አልሞላ አለ። ፊቷ አመድ መሰለ። ጥፍሩን ሳትጨርስ ጋቢዋን አነሳች፤ ሐኪም ቤት ወሰድነው።

ሁለቱም ኩላሊቶቹ ደክመው ነበር። የሞላው ፊትም፣ የሰፋው መዳፍም ውሃ ነው። «ቀደም ብላችሁ ብታመጡት ጥሩ ነበር» አለ ሐኪሙ፣ ቀስ ብሎ።

ደሙ በማሽን ሲታጠብ እብጠቱ ጎደለ፤ እጁ መልሶ ከሳ። «እማ፣ እስኪ ለኪኝ» አላት። ቦርሳዋ ውስጥ የነበረውን ክር አውጥታ ለካችው። ሞላላ መዳፍ፣ አጭር ጣት።

«ያው እሳት ነህ።»

«በቃ ተመለስኩ ማለት ነው» ብሎ ሳቀ፤ ወዲያው ሻዩ ቀዝቅዟል ብሎ ነርሷ ላይ ጮኸ። እናቴ ነርሷን ይቅርታ እየጠየቀች «ጩህ የኔ ልጅ፣ ጩህልኝ» ትለዋለች። መጮህ የቻለው ግን ጥቂት ሳምንት ነው። መስቀል ሳይደርስ ቀበርነው።

ከአርባው በኋላ ሳሎኑን ከፈተች። የመጀመሪያዋ ደንበኛ ነገሩን ያልሰማች ወጣት ነበረች፤ እጇን ዘርግታ «እማማ፣ እኔስ ምንድን ነኝ? ጠባይ ያውቃሉ ሲሉ ሰምቼ ነው» አለቻት።

እናቴ ወደ መሳቢያው አልሄደችም። የልጅቷን እጅ ገልብጣ ጀርባውን በአውራ ጣቷ ተጫነች፤ ጣቷንም አንስታ ጠበቀች። ሥጋው ወዲያው ተመለሰ።

«ደህና ነሽ» አለቻትና ሞረዱን አነሳች።

ከዚያ ወዲህ እስክትዘጋው ድረስ በዚያ ሳሎን ማንንም መሬት ነህ፣ እሳት ነህ አላለችም። የሁሉንም እጅ ትጫን ነበር።